ቦቢናው የሚያስታውሰው አራት አምፔር

አዲስ አበባን ለዓመታት ያመላለሱት ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲዎች ባትሪያቸው 12 ቮልት ነው። ካንዴላው ግን በታመቀ አየርና ቤንዚን መሃል ብልጭታ ለመፍጠር ከ10,000 ቮልት በላይ ይፈልጋል። በሁለቱ መካከል የተቀመጠው ቦቢና ነው። «ቦቢናው ቮልቴጁን ያበዛዋል» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ነገሩ ግን በዚህ አያልቅም። በቦቢናው ውስጥ ካሉት ሁለት ጥቅሎች የሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው የሚበልጠው መቶ እጥፍ አካባቢ ነው። 12 በመቶ ቢባዛ 1,200 ነው፤ ካንዴላውን አያነቃንቀውም። የቀረው ከየት መጣ?

የመጣው ከባትሪው አይደለም፤ ጥቂት ቀደም ብሎ በቦቢናው ውስጥ ሲፈስ ከነበረው ከረንት ነው። በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ከሞተሩ ጋር እየዞረ የሚከፈትና የሚዘጋ ትንሽ መገናኛ አለ። ሲዘጋ ከባትሪው የሚነሳው ከረንት በመጀመሪያው ጥቅል በኩል ያልፋል፤ በጥቅሉ ዙሪያም መግነጢሳዊ ኃይል ይጠራቀማል። መገናኛው ድንገት ሲከፈት ያ ኃይል በቅጽበት ሊጠፋ ስለማይችል ከረንቱም በቅጽበት ዜሮ ሊሆን አይችልም። መንገድ ፈልጎ ይቀጥላል። መንገድ የሚሆነው ከመገናኛው ጎን ለጎን የታሰረው ኮንዴንሰር ነው። ከረንቱ እየገፋ ኮንዴንሰሩን ይሞላዋል፣ ቮልቴጁም ይወጣል። ይህን አሠራር በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ለአውቶሞቢል ያመቻቸው አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ ነው።

ወደ ስንት ቮልት ይወጣል? በምን ያህል ጊዜ? ይህን ለመመለስ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች የሚጠቀሙበት መንገድ የላፕላስ ትራንስፎርም ነው። በዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዘንድ የሚፈራ ስም ቢሆንም ሐሳቡ ቀላል ነው። በዚህ ጽሑፍ የቦቢናውን ጉዳይ ይዘን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንሠራዋለን፤ በተለይም ብዙዎች ወይ የሚዘሉትን ወይ ምልክቱን የሚያዞሩትን ክፍል፣ ማለትም ካለፈው የመጣው ከረንት ወደ ስሌቱ የሚገባበትን ቦታ፣ ቀረብ ብለን እናያለን።

ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አድርጌ መርጫለሁ፤ ከእውነተኛው መኪና ግን አይርቁም። ባትሪው 12 ቮልት፣ የሽቦው ጠቅላላ ሬዚስታንስ 3 ኦም፣ የጥቅሉ ኢንዳክታንስ 8 ሚሊሄንሪ፣ ኮንዴንሰሩ 0.2 ማይክሮፋራድ ይሁን። መገናኛው ረዘም ላለ ጊዜ ተዘግቶ ከቆየ ከረንቱ 12 ሲካፈል ለ3፣ ማለትም 4 አምፔር ደርሶ ይረጋል። ኮንዴንሰሩ ደግሞ በተዘጋው መገናኛ ሁለት ጫፍ ላይ ስለታሰረ ቮልቴጁ ዜሮ ነው። መገናኛው የሚከፈትበትን ቅጽበት የሰዓታችን ዜሮ እናድርገው። ከዚያ በኋላ ያለው ሰርኪት አንድ ቀለበት ብቻ ነው፤ ባትሪ፣ ሬዚስተር፣ ጥቅል፣ ኮንዴንሰር በተከታታይ።

ችግሩ ጥቅልና ኮንዴንሰር እንደ ሬዚስተር ገራገር አለመሆናቸው ነው። የሬዚስተር ቮልቴጅ ከረንቱን በኦሙ ማባዛት ብቻ ይጠይቃል። የጥቅል ቮልቴጅ ግን የሚወሰነው በከረንቱ መጠን ሳይሆን ከረንቱ በሚለወጥበት ፍጥነት ነው። የኮንዴንሰር ከረንትም በቮልቴጁ የለውጥ ፍጥነት ይወሰናል። ስለዚህ ቀለበቱን ስንዞር የምናገኘው ተራ እኩልታ ሳይሆን የለውጥ ፍጥነትና የለውጥ ፍጥነት ለውጥ የተቀላቀሉበት ዲፈረንሺያል እኩልታ ነው። በድሮው መንገድ ይህን ለመፍታት የመፍትሔውን ቅርጽ መገመት፣ ሁለት ያልታወቁ ቁጥሮችን ማስቀመጥ፣ ከዚያ በመጨረሻ ወደ ዜሮ ሰዓት ተመልሶ ቁጥሮቹን ማውጣት ያስፈልጋል። ይቻላል፣ ይሠራልም። ሰርኪቱ ሁለትና ሦስት ቀለበት ሲኖረው ግን ወረቀቱ ይበዛል፣ ስህተቱም አብሮ ይበዛል።

ላፕላስ ትራንስፎርም የሚያደርገው ነገር በጊዜ የሚለዋወጠውን መጠን s በሚባል ሌላ ተለዋዋጭ ወደሚጻፍ መጠን መቀየር ነው። i(t) የነበረው ከረንት I(s) ይሆናል። ቅያሬው የሚጠቅመን በአንድ ሕግ ምክንያት ነው፤ በጊዜው ዓለም የለውጥ ፍጥነት የነበረው ነገር በs ዓለም ማባዛት ይሆናል። በትክክል ሲጻፍ ግን ሕጉ ጭራ አለው፤ የi የለውጥ ፍጥነት ሲቀየር

sI(s) − i(0)

ይሆናል። በs ማባዛት፣ ከዚያ በዜሮ ሰዓት የነበረውን ዋጋ መቀነስ። እንግዲህ ቦቢናው የያዘው 4 አምፔር ወደ ስሌቱ የሚገባው በዚህች ጭራ ነው።

የጥቅሉን ቮልቴጅ እንውሰድ። ኢንዳክታንሱ L ሲባዛ በከረንቱ የለውጥ ፍጥነት ነው። ስንቀይረው

V(s) = sL·I(s) − L·i(0)

እናገኛለን። ሁለቱን ክፍሎች ለየብቻ እንያቸው። የመጀመሪያው ከረንት ሲባዛ በsL ነው፤ ልክ እንደ ሬዚስተር፣ ኦሙ sL የሆነ። ሁለተኛው ግን I(s) የለበትም። አሁን የሚፈሰው ከረንት ምንም ቢሆን እርሱ አይለወጥም። በሰርኪት ሥዕል ላይ ከረንት ሳይጠይቅ ቮልቴጅ የሚሰጥ ነገር ደግሞ ምንጭ ነው፣ እንደ ባትሪ። ስለዚህ 4 አምፔር የያዘው ጥቅል በs ዓለም ሁለት ነገር ሆኖ ይሣላል፤ sL የሚባል እንቅፋትና ከእርሱ ጋር በተከታታይ የታሰረ L·i(0) የሚባል ምንጭ። በነጋዴ መዝገብ ላይ «ከባለፈው ወር የዞረ» ተብሎ በመጀመሪያው መስመር እንደሚጻፈው ሂሳብ ነው። ገንዘቡ ባለፈው ወር እንዴት እንደተገኘ የዚህ ወር መዝገብ አይጠይቅም፤ ከቁጥሩ በቀር ሌላ አያስፈልገውም። ጥቅሉም 4 አምፔሩን በአንድ ሰዓት ይሙላው በአንድ ሚሊሰከንድ፣ ከዜሮ በኋላ ለሚሆነው ነገር ለውጥ የለውም።

ለኮንዴንሰሩም እንደዚሁ ነው። ከረንቱ C ሲባዛ በቮልቴጁ የለውጥ ፍጥነት ስለሆነ ቀይረን ስናገላብጠው

V(s) = I(s)/(sC) + v(0)/s

ይሆናል። 1/(sC) የሚባል እንቅፋትና በተከታታይ v(0)/s የሚባል ምንጭ። በs ዓለም ከዜሮ ሰዓት ጀምሮ ሳይለወጥ የሚቆይ ቮልቴጅ የሚጻፈው ለs ተካፍሎ ነው፤ ስለዚህ የኮንዴንሰሩ ምንጭ ልክ እንደ ተራ ባትሪ ነው። የጥቅሉ ምንጭ ግን ለs አልተካፈለም፤ ደረቅ ቁጥር ነው፣ በእኛ ጉዳይ 0.008 ሲባዛ በ4፣ ማለትም 0.032 ቮልት-ሰከንድ። በጊዜው ዓለም ይህ እጅግ አጭርና እጅግ ኃይለኛ የሆነ ምት ነው። ባዶ የነበረን ጥቅል በአንድ ምት ወደ 4 አምፔር ለማድረስ የሚበቃው ምት የቱን ያህል ነው ብትሉ መልሱ ይኸው ነው፤ 0.032 ለ0.008 ሲካፈል 4። ሒሳቡ «ከረንቱ ድሮ ነበረ» ማለትን ስለማያውቅ «ገና አሁን በምት ገባ» ብሎ ያስቀምጠዋል፤ ከዜሮ በኋላ ያለው ውጤት አንድ ነው።

ዘዴው የላፕላስን ስም ይያዝ እንጂ ለሰርኪት ያዋለው ሌላ ሰው ነው። ፒየር-ሲሞን ላፕላስ እ.ኤ.አ. በ1827 ሲሞት የምናውቀው የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ገና አልተወለደም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ዩኒቨርሲቲ ያልገባው፣ የቴሌግራፍ ኦፕሬተር የነበረው እንግሊዛዊ ኦሊቨር ሄቪሳይድ የለውጥ ፍጥነትን እንደ ተራ ቁጥር እያባዛና እያካፈለ የቴሌግራፍ መስመሮችን ችግር ይፈታ ጀመር። የሒሳብ ሊቃውንቱ ማረጋገጫ የለውም ብለው ተቆጡ፤ የሮያል ሶሳይቲም የአንድ ጽሑፉን ተከታይ ክፍል ሳያትምለት ቀረ። መልሶቹ ግን ትክክል ነበሩ። የእርሱ ስሌት በዋናነት የሚመቸው ባዶ ሆኖ ለሚነሳ ሰርኪት ነበር። በኋላ የመጡት ሰዎች ዘዴውን በላፕላስ ኢንተግራል ላይ ሲያቆሙት ነው −i(0) የምትለዋ ጭራ በራሷ ከሒሳቡ ውስጥ ብቅ ያለችው። ለእኔ ከትክክለኛነቱ ማረጋገጫ ይልቅ የሚበልጠው ትርፍ ይህ ነው፤ ማንም ሳያስታውሰው የመነሻውን ዋጋ በራሱ ይጠይቃል።

ወደ ቀለበታችን እንመለስ። ባትሪው ከዜሮ በኋላ ሳይለወጥ ስለሚቆይ 12/s ይሆናል። ሬዚስተሩ 3 ነው። ጥቅሉ 0.008s ነው፣ ከ0.032 ምንጭ ጋር። ኮንዴንሰሩ ባዶ ስለነበረ ምንጭ የለውም። የጥቅሉ ምንጭ ወደየት ይገፋል? እዚህ ላይ ቀስ ማለት ይገባል። የቀመሩ ምልክት ተቀናሽ ነው፤ ይህም ማለት ምንጩ ቮልቴጅ የሚወስድ ሳይሆን የሚጨምር ነው፣ አቅጣጫውም ከረንቱ ቀድሞ ሲፈስበት ወደነበረው ነው። 4 አምፔሩ ከባትሪው ወደ ኮንዴንሰሩ ሲፈስ ስለነበረ ምንጩም ወደዚያው ይገፋል፤ ባትሪውን ያግዛል። ስለዚህ ጠቅላላው ግፊት 12/s + 0.032 ነው። ከረንቱ ይህን ለጠቅላላው እንቅፋት ማካፈል ብቻ ነው፣ የኦም ሕግ። አስተካክለን ስንጽፈው

I(s) = (4s + 1500) / (s² + 375s + 625,000,000)

ይሆናል። 1500 የመጣው ከባትሪው ነው፣ 4s ደግሞ ከጥቅሉ ትውስታ። 375 ሬዚስታንሱ ለኢንዳክታንሱ ሲካፈል ነው፤ ትልቁ ቁጥር 1/(LC) ነው።

ወደ ጊዜው ዓለም ከመመለሳችን በፊት ሁለት ፈተናዎች አሉ፣ ጊዜም አይወስዱም። I(s)ን በs አባዝተን s እጅግ ትልቅ ይሁን ብንል የመነሻው ከረንት መውጣት አለበት። 4s² ለs² ሲካፈል 4። ትክክል። እንደዚሁ አባዝተን s ወደ ዜሮ ይቅረብ ብንል የመጨረሻው ከረንት ይወጣል፤ ዜሮ። ይህም ትክክል ነው፣ ኮንዴንሰር ከሞላ በኋላ ከረንት አያሳልፍምና። ተማሪ ብሆን መልሴን ሳላስረክብ የመጀመሪያውን ፈተና ሳልሠራ አላልፍም ነበር፤ የመነሻው ዋጋ ተገልብጦ ቢገባ ወዲያው የሚያሳብቀው እርሱ ነው።

የኮንዴንሰሩ ቮልቴጅ ከረንቱ ለsC ሲካፈል ነው። ክፍልፋዩን ለሁለት ስንለየው አንዱ 12/s ይሆናል፣ ማለትም መጨረሻ ላይ የሚቀረው የባትሪው ቮልቴጅ፤ ሌላው እየተወዛወዘ የሚሞት ሞገድ ነው። ከሠንጠረዥ ላይ ወደ ጊዜ ሲመለስ

v(t) = 12 + e^(−187.5t) · (800 sin 25000t − 12 cos 25000t)

ይሆናል፤ 800 እጅግ በጥቂቱ ተጠጋግቷል። በዜሮ ሰዓት 12 ሲቀነስ 12፣ ዜሮ፤ ኮንዴንሰሩ ባዶ ነበረ ያልነው። ከዚያ ቮልቴጁ ይወጣና በ63 ማይክሮሰከንድ ውስጥ ወደ 803 ቮልት ይደርሳል። ከ12 ቮልት ባትሪ! ሞገዱ በሰከንድ 4,000 ጊዜ ያህል እየተወዛወዘ ቀስ በቀስ ይከስማል።

803 ቮልት እውነት ነው ወይስ የሒሳብ ቅዠት? በኃይል ሚዛን ማየት ይቻላል። በ4 አምፔር ጥቅሉ የያዘው ኃይል ግማሽ ሲባዛ በ0.008 ሲባዛ በ16፣ ማለትም 0.064 ጁል ነው። 0.2 ማይክሮፋራድ ኮንዴንሰር 0.064 ጁል ለመያዝ ስንት ቮልት ያስፈልገዋል? 800። ትርፏ 3 ቮልት ባትሪው የጨመረው ሲደመር ሽቦው ያባከነው ሲቀነስ ነው።

አሁን የጥቅሉን ምንጭ ብንረሳውስ? 4s ከላይ ይጠፋል፣ 1500 ብቻ ይቀራል። ቮልቴጁ በ12 ዙሪያ ተወዛውዞ ከፍ ቢል 24 ነው። 24 በመቶ ሲባዛ 2,400 ቮልት፤ ሞተሩ አይነሳም። እንዲህ ያለ ስህተት ራሱን ያጋልጣል። ክፉው ሌላኛው ነው። ምንጩ ሳይረሳ አቅጣጫው ብቻ ቢገለበጥ 800 ተቀናሽ ይሆናል፤ ቮልቴጁ መጀመሪያ ወደ ታች ወርዶ −780 አካባቢ ይደርሳል። መጠኑ ከትክክለኛው ጋር ስለሚቀራረብ ዓይን ላይ አያርፍም፤ ቮልት መጠኑን ብቻ ለሚፈልግ ሰው «ደርሷል» ያሰኛል። የመነሻውን ፈተና ግን ቢሠራ −4 አምፔር ይወጣለታል፣ ከረንቱ ከኮንዴንሰሩ ወደ ባትሪው ሲሮጥ እንደነበር ይነግረዋል።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ፣ ይህኛው ጎበዞችንም ይይዛል። የጥቅሉን ቮልቴጅ አውጣ ሲባሉ I(s)ን በsL አባዝተው ይጽፋሉ። ጥቅሉ ግን አሁን ሁለት ነገር ሆኖ ተሥሏል፣ እንቅፋቱና ምንጩ፤ በመለኪያ ብንለካው መለኪያው የሚያርፈው በሁለቱ ድምር ጫፍ ላይ ነው። በመካከላቸው ያለው ነጥብ በወረቀት ላይ እንጂ በሽቦው ላይ የለም። ስህተቱ እንዴት ይታወቃል? sL·I(s) ብቻ ከተወሰደ s እጅግ ሲተልቅ ወደ 0.032 ይሄዳል፣ ዜሮ አይሆንም። በጊዜው ዓለም ይህ ያ ምት ነው፣ ልክ የሌለው ቮልቴጅ። በእውነተኛው ጥቅል ላይ ግን በዜሮ ሰዓት ቮልቴጁ ዜሮ ነው፤ ባትሪው 12፣ ሬዚስተሩ 4 ሲባዛ በ3 እኩል 12፣ ኮንዴንሰሩ ዜሮ፣ የሚቀር የለም። L·i(0) ሲቀነስ ምቱ ይጠፋል።

ምንጩን በተከታታይ ማሰር ግዴታ አይደለም። ያንኑ ጥቅል sL ከተባለ እንቅፋት ጎን ለጎን i(0)/s የሚባል የከረንት ምንጭ አድርጎ መሣል ይቻላል፤ ኮንዴንሰሩን ደግሞ ከ1/(sC) ጎን ለጎን C·v(0) የሚባል የከረንት ምንጭ። እንደኛው አንድ ቀለበት ሲሆን ተከታታዩ ይቀላል። መገናኛ ነጥቦች በዝተው በየነጥቡ የሚገባና የሚወጣ ከረንት ሲቆጠር ግን ጎን ለጎኑ ይቀላል። ሁለቱን በአንድ ሥዕል ላይ ለአንዱ ጥቅል ያሰረ ሰው 4 አምፔሩን ሁለት ጊዜ ቆጠረው ማለት ነው።

እስካሁን የኮንዴንሰሩ ምንጭ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ሰዓታችንን ቆም አድርገን እንደገና ብናስነሳው ተራው ይደርሳል። በ63 ማይክሮሰከንድ ላይ ቮልቴጁ ጫፍ ሲደርስ ከረንቱ ዜሮ ነው። ያንን ቅጽበት አዲስ ዜሮ ብለን ብንነሳ፣ ጥቅሉ ምንም አይዞርለትም፣ ኮንዴንሰሩ ግን 803 ቮልት ይዞርለታል። አሁን ምንጩ 803/s ነው፣ አቅጣጫውም በባትሪው ላይ። ግፊቱ 12/s ሲቀነስ 803/s፣ ማለትም −791/s ይሆናል። ለእንቅፋቱ ስናካፍለው ከ3.95 አምፔር በጥቂቱ የማያልፍ፣ ወደ ኋላ የሚፈስ ሞገድ እናገኛለን። የመጀመሪያው ስሌታችንም በዚያ ሰዓት ላይ ሞገዱ ከ4 ወደ 3.95 እንደቀነሰ ይናገራል። የአንዱ ሩጫ መጨረሻ የሌላው መነሻ ሆኖ ገጠመ። መገናኛ የሚከፈትና የሚዘጋበት ማንኛውም ሰርኪት የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ሥዕሉ በተለወጠ ቁጥር የጥቅሎቹን ከረንትና የኮንዴንሰሮቹን ቮልቴጅ ከለውጡ በፊት ያለውን ወስዶ በአዲሱ ሥዕል ላይ ምንጭ አድርጎ ማስቀመጥ።

ኮምፒውተር ያለው ሰው ስፓይስ በሚባለው የሰርኪት ማስያ ፕሮግራም ሊያረጋግጠው ይችላል። ፋይሉ ይህን ያህል ብቻ ነው፦

```
* bobina
V1 1 0 12
R1 1 2 3
L1 2 3 8m IC=4
C1 3 0 0.2u IC=0
.tran 0.5u 500u UIC
.end
```

IC የመነሻው ዋጋ ነው። በመጨረሻው አካባቢ ያለው UIC ከቀረ ፕሮግራሙ ከዜሮ በፊት የረጋውን ሁኔታ ራሱ ፈልጎ ይነሳል፤ መገናኛው የተዘጋ እንደነበረ ስለማያውቅም ኮንዴንሰሩን በ12 ቮልት ሞልቶ፣ ከረንቱን ዜሮ አድርጎ ይጀምራል። የሚወጣው ሥዕል ቀጥ ያለ መስመር ነው። በጥቅሉ መስመር ላይ 2 እና 3 ቦታ ቢለዋወጡ ደግሞ 4 አምፔሩ ወደ ኋላ ይፈሳል፤ ያው የአቅጣጫ ስህተት በሌላ ልብስ።

የላዳ መካኒክ ግን 803 ቮልት አይቼ አላውቅም ቢል ልክ ነው። ቀለበታችን ሁለተኛውን ጥቅል አላስገባም። በካንዴላው በኩል ያለው ሽቦ፣ ካንዴላውና ጥቅሉ ራሱ እንደ ትንሽ ኮንዴንሰር ይሆናሉ። 50 ፒኮፋራድ ብንለው ከቁጥር የሚገባ አይመስልም፤ ግን በመቶ እጥፍ ዙር በኩል ወደ መጀመሪያው ጥቅል ሲታይ በመቶ ሲባዛ በመቶ አድጎ 0.5 ማይክሮፋራድ ይሆናል። ከኮንዴንሰራችን ጋር 0.7። የጫፉ ቮልቴጅ ወደ 428 ይወርዳል፤ በካንዴላው በኩል ደግሞ መቶ እጥፉ፣ 42,800 ቮልት ገደማ። እዚያ ሳይደርስ ግን ካንዴላው ይበራል። ብልጭታው የከረንት መንገድ ስለሚከፍት ሰርኪቱ ሌላ ሆነ ማለት ነው፣ በዚያች ቅጽበት ያሉት ዋጋዎች ተወስደው ሌላ ስሌት ይጀመራል። የብልጭታው ሬዚስታንስ ደግሞ ከከረንቱ ጋር ስለሚለዋወጥ ላፕላስ ብቻውን አይበቃውም፤ ዘዴው የሚሠራው ዋጋቸው በማይለዋወጥ ሬዚስተር፣ ጥቅልና ኮንዴንሰር ላይ ነው። የቦቢናው ብረት በመግነጢስ ከጠገበም 8 ሚሊሄንሪ የሚባለው ቁጥር አብሮ ይወርዳል።

ኮንዴንሰሩ ከተበላሸና እንደሌለ ከሆነስ? በቀመሩ ላይ C ወደ ዜሮ ሲቀርብ ቮልቴጁ ልክ የለሽ ይሆናል። እውነተኛው ነገር ግን አየሩ ይቀደማል፤ በሚከፈተው መገናኛ መሃል ብልጭታ ይነሳና ከረንቱ በዚያ ያልፋል። ኃይሉ ወደ ካንዴላው መሄዱ ቀርቶ መገናኛውን ያቃጥላል። ሞተሩ እየተንተፋተፈ የመገናኛው ፊት ከተቃጠለና ሲከፈት ጎላ ያለ ብልጭታ ከታየበት፣ መካኒኩ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ኮንዴንሰሩን ነው።

4 አምፔሩም ሁልጊዜ 4 አይደለም። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 200 ብልጭታ ያስፈልጋል፤ ለአንዱ 5 ሚሊሰከንድ ይደርሰዋል፣ ከዚያም መገናኛው ተዘግቶ የሚቆየው 3 ያህሉን ነው እንበል። ከረንቱ በዚህ ጊዜ ከዜሮ ተነስቶ የሚደርሰው 2.7 አምፔር ነው። በሥዕሉ ላይ ምንም አይለወጥም፤ ምንጩ ብቻ ከ0.032 ወደ 0.0216 ይወርዳል፣ ቮልቴጁም በዚያው ልክ ከ428 ወደ 289። ኃይሉ ግን በከረንቱ ካሬ ስለሚሄድ ከግማሽ በታች ይሆናል። በኋላ የመጡት ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያዎች ኢንዳክታንሱ አነስ ያለ ቦቢና የመረጡት በዚህ ምክንያት ነው። ከረንቱ ቶሎ ይሞላል፣ ትራንዚስተሩም ከመገናኛው የበለጠ አምፔር ስለሚችል ካሬው የጎደለውን ይሞላል።